በሠንጠረዥ አንድ የሚጻፈው 15.2 ነው እንጂ 4.4 አይደለም

ጥያቄ፦ «ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሚሠሩ 12 የሚኒባስ ታክሲ ሾፌሮችንና እዚያው አካባቢ ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ 12 ሠራተኞችን የደም ግፊት ለክቻለሁ። እያንዳንዱን ሰው የለካሁት ሦስት ሦስት ጊዜ ነው። የሾፌሮቹ የላይኛው ግፊት አማካይ 130፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 15.2፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 4.4 ሆነ። የክፍል ጓደኛዬ ‹ናሙናህ ትንሽ ስለሆነ ስታንዳርድ ኤረሩን ጻፍ፤ 15 ብለህ ብትጽፍ በደንብ ያልለካህ ይመስላል› አለኝ። አማካሪዬ ግን ‹ተገቢውን ጻፍ› ብለው አለፉኝ። በገላጭ ስታቲስቲክስ ሠንጠረዡ ላይ የትኛውን ልጻፍ? ቁጥሮቹን አያይዤ ልኬአለሁ።» ከልደታ

ምላሽ፦ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ይጻፉ። ናሙናው 12 ሰው ቢሆን 1200 ሰው፣ የጥናቱን ተሳታፊዎች በሚገልጽ ሠንጠረዥ ላይ የሚገባው እሱ ነው። የጓደኛዎ ምክር ሁለት ስሕተቶችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ስታንዳርድ ኤረርን ለትንሽ ናሙና የታዘዘ መድኃኒት አድርጎ ማየቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ከመለኪያ ስሕተት ጋር ማምታታቱ ነው። ሁለቱንም በእርስዎ ቁጥሮች ላይ እናያቸዋለን።

የላኩልኝ የ12ቱ ሾፌሮች የላይኛው ግፊት፣ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር እንዲህ ነው፦ 108፣ 114፣ 118፣ 121፣ 124፣ 126፣ 129፣ 132፣ 136፣ 142፣ 148፣ 162። ድምሩ 1560 ነው፤ ለ12 ሲካፈል አማካዩ 130 ይሆናል። እያንዳንዱ ሾፌር ከ130 ምን ያህል እንደሚርቅ አስልተን፣ ርቀቱን በራሱ አባዝተን ስንደምረው 2550 እናገኛለን። ይህን ለ11 ስናካፍል 231.8 ይመጣል፤ የዚህ ካሬ ሩት 15.2 ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይህ ነው፤ ሾፌሮቹ ከአማካያቸው ግራና ቀኝ ምን ያህል ተበታትነው እንደቆሙ ይናገራል።

ስታንዳርድ ኤረሩ የሚገኘው ይህንኑ 15.2 ለ12 ካሬ ሩት፣ ማለትም ለ3.46 በማካፈል ነው፤ 4.4 ይመጣል። ስሌቱ አንድ ደረጃ ብቻ የጨመረ ይምሰል እንጂ የሚመልሰው ጥያቄ ፈጽሞ ሌላ ነው። ነገ ወደ ሜክሲኮ ተመልሰው ሌሎች 12 ሾፌሮችን ቢለኩ አማካዩ በትክክል 130 አይሆንም፤ 126 ወይም 133 ሊሆን ይችላል። ይህን ደጋግመው ቢያደርጉት ብዙ አማካዮች ይሰበሰባሉ። እነዚያ አማካዮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይራራቃሉ? 4.4 የዚህ ግምት ነው። ስለ ሾፌር የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ አማካዩ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን በጣት እንቁጠራቸው። አማካይ ሲቀነስና ሲደመር አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከ114.8 እስከ 145.2 ነው። በዚህ ውስጥ ከ12 ሾፌሮች 8ቱ ይገኛሉ፤ ከሦስት ሁለት እጅ ማለት ነው፣ ይህም ከኖርማል ሥርጭት ከምንጠብቀው ጋር ይስማማል። አማካይ ሲቀነስና ሲደመር አንድ ስታንዳርድ ኤረር ደግሞ ከ125.6 እስከ 134.4 ነው። እዚህ ውስጥ ያሉት ሦስት ሾፌሮች ብቻ ናቸው፤ 126፣ 129 እና 132። ዘጠኙ ከውጭ ቀርተዋል። ስለ ሾፌሮቹ እንዲናገር የተሠራ ሠንጠረዥ ዘጠኙን ሾፌሮች ከደጅ ካስቀረ ምኑን ገለጻቸው?

ጉዳቱ በእርስዎ ርዕስ ላይ ይብስ ይሆናል። የላይኛው ግፊት 140 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ተብሎ ክትትል እንደሚያስፈልገው ያውቃሉ። ከእርስዎ ሾፌሮች ሦስቱ፣ ማለትም 142፣ 148 እና 162 የተለኩት፣ ከዚህ መስመር በላይ ናቸው። ሠንጠረዡ ላይ «130 ± 4.4» ብለው ቢጽፉ፣ ለፍጥነት የሚያነብ ሐኪም ወይም የክፍለ ከተማ ጤና ባለሙያ ከ126 እስከ 134 ያለ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ግን የሚያሳስብ ሰው የሌለበት ቡድን አድርጎ ይረዳዋል። 15.2 ሲጽፉ ግን ያው አንባቢ ወዲያውኑ «ከእነዚህ ውስጥ 145 እና ከዚያም በላይ የደረሱ አሉ» ብሎ ያስባል፤ ትክክልም ነው። ከአራት ሾፌሮች የአንዱን ችግር ከዓይን የሚሰውር ቁጥር፣ ባለማወቅ እንኳ ቢጻፍ፣ አንባቢን ማሳሳት ነው። በነገራችን ላይ በአንድ ቀን ልኬት ማንም ሰው የደም ግፊት ሕመም አለበት አይባልም፤ ነገር ግን 162 የተለካውን ሾፌር እስካሁን ወደ ጤና ጣቢያ ካልላኩት ከሠንጠረዡ በፊት ያንን ይፈጽሙ።

«ናሙናው ትንሽ ስለሆነ» የሚለውን እንየው። ስታንዳርድ ኤረር በናሙና ብዛት ካሬ ሩት ስለሚካፈል፣ ናሙናው በጨመረ ቁጥር ያለ ገደብ እያነሰ ይሄዳል። ሾፌሮቹ 48 ቢሆኑና መበታተናቸው ያው 15.2 ቢሆን ስታንዳርድ ኤረሩ 2.2 ይሆናል፤ 1200 ቢሆኑ 0.44። 1200 ሾፌሮች ግን ከ12ቱ ይልቅ እርስ በርሳቸው አልተመሳሰሉም፤ አሁንም 108ም 162ም የሆነ ሰው በመካከላቸው አለ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ናሙናው ሲያድግ ወደ ዜሮ አይወርድም፤ የሕዝቡ እውነተኛ መበታተን ወደሆነው ቁጥር እየተጠጋ ይረጋጋል። ስለዚህ ስታንዳርድ ኤረርን ለመግለጫ የሚጠቀም ሰው የሰዎቹን ጠባይ ከሰበሰባቸው ሰዎች ብዛት ጋር አደባልቆ ነው የሚያቀርበው፤ ሁለት የተለያየ መጠን ያላቸው ቡድኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትልቁ ቡድን ያለ ምክንያት «ወጥ» መስሎ ይታያል።

የናሙናው ማነስ የሚያመጣው እውነተኛ ችግር ሌላ ነው፤ ጓደኛዎ እሱን ቢያነሣ ኖሮ እስማማለሁ። በ12 ሰው የተገመተ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ራሱ ልል ግምት ነው። ግፊቱ በሕዝቡ ውስጥ ኖርማል ሥርጭት አለው ብለን ብንወስድ፣ ለ15.2 የሚሰላው የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ10.8 እስከ 25.9 ይደርሳል። ሰፊ ነው። ከ12ቱ አንዱ፣ ያ ባለ 162 ሾፌር፣ ብቻውን ከ2550 ድምር ውስጥ 1024ቱን ይዟል፤ እሱ በዚያ ቀን ባይመጣ ኖሮ ቁጥሩ ጉልህ በሆነ መጠን ይወርድ ነበር። ስታንዳርድ ኤረሩም ከዚህ አያመልጥም፤ የተሠራው ከዚሁ ልል 15.2 ነውና። ከሚንቀጠቀጥ ቁጥር በማካፈል የተገኘ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይጸናም። ለትንሽ ናሙና የሚበጀው በስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ላይ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ልኬት መጨመር ነው፤ 12 ሰው ሲሆን «ከ108 እስከ 162» የሚለው አንድ ሐረግ ለአንባቢ ብዙ ይነግረዋል።

ሁለተኛው ስሕተት፣ «በደንብ ያልለካህ ይመስላል» የሚለው፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን የለኪው ነውር አድርጎ ማየት ነው። 15.2 በአብዛኛው የሾፌሮቹ ልዩነት ነው። አንዱ 25 ዓመቱ ሌላው 58 ዓመቱ ነው፤ አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም፤ አንዱ ጫት ይቅማል ሌላው አይቅምም። በአዋቂዎች የላይኛው ግፊት ላይ ከ10 እስከ 20 ያለ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የተለመደ ነው፤ በዘርፉ የሠራ ሰው 15ን ሲያይ አይደነግጥም። እንዲያውም ቡድኑ ላይ 4.4 ተጽፎ ካየ ነው የሚጠረጥረው፤ 12 የተለያዩ ጎልማሶች እንዲህ ሊመሳሰሉ አይችሉምና፣ ጸሐፊው ስታንዳርድ ኤረርን ሳይናገር እንዳስገባ ወዲያው ይገባዋል። 4.4ን በ3.46 አባዝቶም እውነተኛውን 15.2 ያገኘዋል። የተደበቀ አይመስልዎ።

የልኬትዎ ጥራት የሚታየው በሌላ ቦታ ነው፤ አንድን ሰው ሦስት ጊዜ ሲለኩ ባገኟቸው ሦስት ቁጥሮች መካከል ነው። መዝገብዎን ተመልክቻለሁ፤ በአብዛኞቹ ሾፌሮች ላይ ሦስቱ ልኬቶች የሚራራቁት ከ6 ባልበለጠ ነው። በሰው ውስጥ ያለው መዋዠቅ ይህን ያህል ጠባብ ሆኖ በሰዎች መካከል ያለው 15 ከሆነ፣ ልዩነቱን ያመጡት ሰዎቹ እንጂ ማሽኑ አይደለም። ልኬቱን የሚያበላሸው ሾፌሩ ተራው ሊደርስ ሲል፣ ቡናውን እንደጨረሰ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ክንዱ ሳይደገፍ መለካት ነው፤ አምስት ደቂቃ አስቀምጠው እንደለኩ ጽፈዋልና በዚህ በኩል የምነቅፍዎ የለም። የመጀመሪያውን ልኬት ትተው የሁለተኛውንና የሦስተኛውን አማካይ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር አድርገው መውሰድዎም የዓለም ጤና ድርጅት ስቴፕስ ጥናቶች የሚከተሉት መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ጽሑፍዎ ውስጥ ባይኖርም ብዙ ተማሪዎች ይገቡበታል። 12 ሰው ሦስት ጊዜ ሲለካ 36 ቁጥር ይገኛል። አንዳንዱ 36ቱንም በአንድ ዓምድ ደርድሮ ለ36 ካሬ ሩት፣ ለ6፣ ያካፍልና ስታንዳርድ ኤረሬ 2.5 ነው ይላል። አይደለም። አንድን ሾፌር ሦስት ጊዜ መለካት ሦስት ሾፌር አያደርገውም። ስለ ሾፌሮች የሚያውቁት ከ12 ሰዎች ነው፤ ማካፈያውም የ12 ካሬ ሩት ብቻ ነው። ሠንጠረዥዎ ላይ ከእያንዳንዱ ቡድን ስም አጠገብ የሚጻፈውም 12 ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀያየሩበት ዋናው ቦታ ግን ሰው አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ነው። በኤስፒኤስኤስ `Explore` የሚለውን ትእዛዝ ሲጠቀሙ ውጤቱ በሁለት ዓምዶች ይወጣል፤ አንዱ `Statistic` ሌላው `Std. Error` ይላል። ከአማካዩ አጠገብ በቀጥታ የሚታየው 4.4 ነው፤ 15.2 ግን ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ `Std. Deviation` በሚል ስም ተቀምጧል። የቸኮለ ሰው ከአማካዩ ጎን ያለውን ገልብጦ ይሄዳል። እዚያው ግርጌ ላይ ከ`Skewness` አጠገብ ደግሞ 0.637 የሚል ቁጥር ያያሉ። እሱ የሥርጭቱ መዝመም ግምት ስታንዳርድ ኤረር ሲሆን የሚወሰነው በናሙናው ብዛት ብቻ ነው፤ ለ12 ሰው የደም ግፊትም ይለካ የጫማ ቁጥር፣ ሁልጊዜ 0.637 ነው። ይህን ቁጥር በየረድፉ ተደጋግሞ የተጻፈበት ሠንጠረዥ ካዩ፣ ጸሐፊው ከየት እንደገለበጠው ያውቃሉ።

በስታታ `summarize` ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ይሰጣል፤ `mean` የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ስታንዳርድ ኤረሩን ከኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ጋር ያወጣል። በኤክሴል የሚጠቀሙ ከሆነ `STDEV.S` ይበሉ፤ እሱ ለ11 ያካፍላል። `STDEV.P` ለ12 አካፍሎ 14.6 ይሰጥዎታል፤ ያ እነዚህ 12 ሰዎች የሕዝቡ ሁሉ ቆጠራ ሲሆኑ ብቻ የሚሠራ ነው። ናሙናው መቶዎች ሲደርስ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አይታይም፤ በ12 ሰው ላይ ግን ይታያል። በአር ለማረጋገጥ ይህ ይበቃል፦

```
x <- c(108,114,118,121,124,126,129,132,136,142,148,162)
mean(x)                   # 130
sd(x)                     # 15.2
sd(x) / sqrt(length(x))   # 4.4
```

አሁን ወደማይመቸው ረድፍ ልሂድ፤ ሳይጠይቁኝ ያየሁት ነው። ሠንጠረዥዎ ላይ «በሾፌርነት የቆየበት ዘመን» በሚለው ረድፍ «7.5 ± 2.3» ብለው ጽፈዋል። 2.3 ስታንዳርድ ኤረሩ ነው። ቁጥሮቹ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18፣ 27 ናቸው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 8.0 ነው። ከ7.5 ላይ 8.0 ሲቀንሱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች የሆነ ዘመን የነዳ ሾፌር አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ከዜሮ በታች ሊወርድ የማይችል ነገር፣ ለምሳሌ ዘመን፣ ገቢ ወይም የጥበቃ ጊዜ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከአማካዩ ግማሽ በላይ ሲሆን ሥርጭቱ ወደ አንድ ወገን እንደተጎተተ ይወቁ። እዚህ ሁለት አንጋፋ ሾፌሮች አማካዩን ወደ ላይ ጎትተውታል፤ ከ12ቱ ስምንቱ ከአማካዩ በታች ናቸው።

በዚህ ረድፍ ላይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም አይበጅም፤ ስታንዳርድ ኤረሩ ደግሞ ጭራሽ ምልክቱን ይሸፍነዋል። «7.5 ± 2.3» ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ሁሉም ከ5 እስከ 10 ዓመት የነዱ ይመስላሉ። እውነቱ ግን ግማሾቹ ገና ጀማሪዎች መሆናቸው ነው። ለዚህ ረድፍ ሚዲያኑንና ኳርታይሎቹን ይጻፉ፤ ሚዲያኑ 4.5 ዓመት፣ የታችኛው ኳርታይል 2፣ የላይኛው 10.5። የላይኛው ኳርታይል ላይ አር እና ኤክሴል በተለመደው አሠራራቸው 9.75፣ ኤስፒኤስኤስ 11.25 ቢሰጥዎት አይደንግጡ፤ በትንሽ ናሙና ላይ ኳርታይል የሚገመትበት ደንብ ስለሚለያይ ነው። የትኛውን ሶፍትዌር እንደተጠቀሙ ጠቅሰው እሱን ብቻ በወጥነት ይከተሉ። የደም ግፊቱን ረድፍ ግን አይንኩት፤ ሚዲያኑ 127.5 ሆኖ ለ130 ቅርብ ነው፤ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበለ ቢሆንም አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በደንብ ይገልጹታል።

ታዲያ ስታንዳርድ ኤረር ቦታ የለውም ወይ? አለው፤ ግን ቦታው ከሠንጠረዥ አንድ ቀጥሎ፣ ሾፌሮቹን ከቢሮ ሠራተኞቹ ጋር በሚያወዳድሩበት ክፍል ነው። እዚያም ቢሆን ብቻውን ሳይሆን በኮንፊደንስ ኢንተርቫል ተለውጦ ቢቀርብ ይመረጣል። በትንሽ ናሙና ይህን ሲያሰሉ በልማድ የሚታወቀውን 1.96 አይጠቀሙ። 12 ሰው ሲሆን ከቲ ሠንጠረዥ በ11 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም የሚወሰደው 2.201 ነው። 4.4 በ2.201 ሲባዛ 9.7 ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ የሾፌሮቹ አማካይ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ120.3 እስከ 139.7 ነው። ጓደኛዎ «± 4.4» እንዲጽፉ ሲመክርዎ ሳያውቀው ከዚህ ክልል ግማሹን እንኳ ያልሞላውን ነው የሰጠዎት። አንድ ስታንዳርድ ኤረር ግራና ቀኝ መያዝ በዚህ ናሙና መጠን የሚሸፍነው 66 በመቶ ያህሉን ነው፤ 95 በመቶውን አይደለም።

ሁለቱን ቡድኖች ሲያነጻጽሩ የሚመጣውን ፈተናም አስቀድሜ ልንገርዎ። የቢሮ ሠራተኞቹ አማካይ 122፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 12.0፣ ስታንዳርድ ኤረራቸው 3.5 ነው። በስታንዳርድ ኤረር ብንሄድ ሾፌሮቹ ከ125.6 እስከ 134.4፣ ሠራተኞቹ ከ118.5 እስከ 125.5 ይሆናሉ። ሁለቱ ክልሎች አይነካኩም። ግራፍ ላይ ቢሥሉት ዘንጎቹ ለየብቻ ይቆማሉ፤ አቀራረቡን የሚያይ ሰው ሁሉ «ልዩነት አለ» ብሎ ይወጣል። ፈተናውን በትክክል ሲሠሩት ግን የሁለቱ አማካዮች ልዩነት 8፣ የልዩነቱ ስታንዳርድ ኤረር 5.6፣ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ3.6 ሲቀነስ፣ ማለትም ከዜሮ በታች፣ ተነሥቶ እስከ 19.6 ይደርሳል፤ ፒ ቫልዩው 0.17 ነው። ሾፌሮቹ በ20 ሊበልጡ ይችላሉ፤ ጭራሹን ላይበልጡም ይችላሉ። የስታንዳርድ ኤረር ዘንጎች አለመነካካት የልዩነት ማረጋገጫ አይደለም። መነካካታቸው ግን ቡድኖቹ እኩል ሲሆኑ ልዩነቱ በ5 በመቶ ደረጃ ጉልህ እንዳልሆነ ይጠቁማል፤ ከዘንጎቹ በአስተማማኝነት የሚነበበው ይህን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በማወዳደሪያው ክፍል «ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉም ከ-3.6 እስከ 19.6 ነው» ብለው ይጻፉ። የእያንዳንዱን ቡድን ስታንዳርድ ኤረር ለየብቻ መደርደሩ ለማንም አይጠቅምም።

አንድ ገደብ ይቀራል፤ ይህ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከምከራከርበት ምክንያት ዋነኛው ነው ማለት እችላለሁ። ስታንዳርድ ኤረር ትርጉም የሚኖረው ሰዎቹ ከሕዝቡ ውስጥ በዕጣ ሲመረጡና አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ ሲቀር ነው። እርስዎ በጻፉት መሠረት ግን ከሾፌሮቹ አብዛኞቹን ያገኟቸው ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው አንድ የታክሲ ተራ ላይ ነው። አብረው የሚውሉ፣ አንድ ቦታ ቁርስ የሚበሉ፣ በአንድ ሰዓት ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። 12 ቢሆኑም ስለ አዲስ አበባ ሾፌሮች የሚሰጡት መረጃ ከ12 ነጻ ሰዎች ያነሰ ነው፤ ስለዚህ 4.4 ከእውነተኛው ጥርጣሬ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ምን ያህል ያነሰ እንደሆነ ከእነዚህ ቁጥሮች ማወቅ አይቻልም። 15.2 ግን እንዲህ ያለ ግዙፍ ግምት አይሸከምም፤ «እነዚህ የለካኋቸው 12 ሰዎች እንዲህ ነበሩ» ይላል፤ ይህ ሰዎቹ እንዴትም ይመረጡ እውነት ነው። አወዳድረው ያገኙትን ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ሲያቀርቡ የአመራረጡን ሁኔታ በጥናቱ ውሱንነቶች ክፍል በግልጽ ይጥቀሱት፤ ፈታኞች ይህን ካላገኙ መጠየቃቸው አይቀርም።

ለአማካሪዎ ማስረጃ ካስፈለገ፣ የምልከታ ጥናቶች አዘጋገብ መመሪያ የሆነው የስትሮብ ማብራሪያ ስታንዳርድ ኤረርና ኮንፊደንስ ኢንተርቫል የተሳታፊዎችን መለያየት ለመግለጽ እንዳይውሉ፣ በገላጭ ሠንጠረዥ ላይም የጉልህነት ፈተናዎች እንዳይጨመሩ ይመክራል። ስለዚህ ሠንጠረዥ አንድ ላይ ያስገቡትን የፒ ቫልዩ ዓምድም ያውጡት። ሌላ መጽሔት ወይም ሌላ ትምህርት ክፍል በግድ ስታንዳርድ ኤረር ቢጠይቅዎ፣ ስሙን በግልጽ ጽፈው የናሙናውን ብዛት በዚያው ረድፍ ያስቀምጡ፤ አንባቢው ራሱ ወደ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንዲመልሰው።

የመደመርና የመቀነስ ምልክቷንም ይተዋት። «130 ± 15.2» የሚለው አጻጻፍ ቁጥሩ የቱ እንደሆነ አይናገርም፤ ግራ መጋባቱ ግማሽ በግማሽ የሚመጣው ከእሷ ነው። በቅንፍ ይጻፉና የረድፉ ስም ላይ ምን እንደሆነ ያስታውቁ። የእርስዎ ሁለት ረድፎች እንዲህ ይሁኑ፦

የላይኛው የደም ግፊት፣ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ አማካይ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን)፣ ዝቅተኛ–ከፍተኛ፦ ሾፌሮች፣ 12 ሰው፣ 130.0 (15.2)፣ 108–162።

በሾፌርነት የቆየበት ዘመን፣ ዓመት፣ ሚዲያን (የታችኛው–የላይኛው ኳርታይል)፦ ሾፌሮች፣ 12 ሰው፣ 4.5 (2–10.5)።

ለቢሮ ሠራተኞቹም የግፊቱን ረድፍ በዚሁ መልክ ይሙሉት፤ 122.0 (12.0) ከተባለ በኋላ የእነሱንም ዝቅተኛና ከፍተኛ ልኬት ይጨምሩ። ከሠንጠረዡ ሥር ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ግፊት የሁለተኛውና የሦስተኛው ልኬት አማካይ መሆኑን በአንድ መስመር ይጻፉ።